የስድብ ናዳ ሲወርድባችሁ፦ ፊልተር፣ ማገድና ሪፖርት ዩቲዩብ ላይ እንዴት ይሠራሉ?

ቻናሉ ላይ ስድብ ሲዘንብበት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መሰረዝ ነው። እጁ ሳያስበው ወደዚያ ይሄዳል። ቀጥሎ ተሳዳቢውን ያግዳል። ንዴቱ ካልበረደለት መጨረሻ ላይ ሪፖርት ያደርጋል። ይህ ቅደም ተከተል ከእግሩ እስከ ራሱ የተገለበጠ ነው። የተሰረዘ ኮመንት ሪፖርት አይደረግም። ፖሊስ ጣቢያም ይዛችሁት አትሄዱም።

ሦስቱ መሣሪያዎች ሥራቸው ለየቅል ነው። ፊልተር ቃል ይይዛል፤ ማን እንደጻፈው ግድ አይሰጠውም። ማገድ ሰው ይይዛል፤ ምን እንደጻፈ አያይም። ሪፖርት ግን ጉዳዩን ከእጃችሁ አውጥቶ ለኩባንያው ያስረክባል። ኩባንያው ደግሞ የሚፈርደው በራሱ ደንብ ነው፤ እናንተን ምን ያህል እንደጎዳችሁ አይመዝንም። አንዱን በሌላው ቦታ የተጠቀመ ሰው ሲደክም ይውላል እንጂ ለውጥ አያይም።

እዚህ የማወራው በዋናነት ስለ ዩቲዩብ ነው። ሌሎቹ የሚለዩበትን በየቦታው ጣል አደርጋለሁ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር፣ በአማርኛ የወጥ አሠራር የምታሳይ አንዲት እናት አለች እንበል። ሌላ ቻናል ስሟን ጠርቶ ቪዲዮ ሠራባት። በማግስቱ ስትነሳ የዶሮ ወጥ ቪዲዮዋ ሥር ያለው ኮመንት ሌላ መልክ ይዟል። ረጋ ብላ ስታነበው አራት ዓይነት ሆኖ አገኘችው። አንዱ «ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ ይሄ ዶሮ ወጥ አይባልም» ይላል። ሁለተኛው «አንቺ አህያ» ብሎ ያልፋል። ሦስተኛው ዘሯን እየጠራ ይሳደባል፤ ያው ሰው በየቪዲዮው ሥር እየዞረ ይደግመዋል። አራተኛው አጭር ነው፦ «ልጅሽ የት እንደሚማር አውቃለሁ።»

የመጀመሪያው ጥቃት አይደለም፤ ይቆይ። ምናልባት እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የፊልተር ሥራ ነው። ሦስተኛው መመዝገብ፣ ሪፖርት መደረግ፣ ከዚያም መታገድ አለበት። አራተኛው ስድብ የለበትም፤ አንድም ነውር ቃል አይገኝበትም። ከሁሉም ግን አደገኛው እሱ ነው፤ ማንኛውም ፊልተር ሳያየው ያልፋል። እሱን የሚይዘው ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ መዝግቡ

ሦስተኛውንና አራተኛውን ዓይነት ሳትነኩ መዝግቡ። መልስ አትስጡ፣ አትሰርዙ፣ ሪፖርትም ገና አታድርጉ። ዩቲዩብ ላይ አንድን ኮመንት ሪፖርት ስታደርጉ ከእናንተ ዓይን ይሰወራል። ሌላው ሰው ግን ሊያየው ይችላል። ብዙዎች «ጠፋልኝ» ብለው ማስረጃ ሳይይዙ የሚቀሩት በዚህ ነው።

ስክሪንሹት ስታነሱ ሙሉው ጽሑፍ፣ በ @ የሚጀምረው ስምና የቪዲዮው ርዕስ ይታይ። ዩቲዩብ ሰዓቱን የሚጽፈው «ከሦስት ሰዓት በፊት» በሚል ዓይነት ነው። ከወር በኋላ ፎቶው መቼ እንደተነሳ አይነግራችሁም። ስለዚህ ቀኑንና ሰዓቱን ራሳችሁ ጻፉ።

ስክሪንሹት ብቻውን ደካማ ነው፤ ማንም ሰው ሊቀነባብረው ይችላል። የሚያጠነክረው የኮመንቱ ሊንክ ነው። በኮምፒውተር ከጸሐፊው ስም አጠገብ ያለውን ሰዓት ጠቅ አድርጉት። ገጹ እንደገና ይከፈትና አድራሻው እንዲህ ይሆናል፦

```
https://www.youtube.com/watch?v=VIDEO_ID&lc=COMMENT_ID
```

`lc=` ከሚለው ቀጥሎ ያለው የዚያች ኮመንት መለያ ነው። ያንን ሊንክ የከፈተ ሰው ኮመንቷን ከላይ ተለይታ ያገኛታል። በሺህ ኮመንት መሐል «ፈልጉት» ማለት ቀረ።

ቀጥሎ የሰውዬውን ቻናል መለያ ያዙ። በ @ የሚጀምረው ስም ይቀየራል። ዛሬ አንድ ስም የነበረው ነገ በሌላ ስም ሊመጣ ይችላል። በ UC የሚጀምረው የቻናል መለያ ግን አይቀየርም። ቻናሉን ከፍታችሁ ስለ ቻናሉ የሚገልጸውን ክፍል ስትነኩ Share channel የሚል አለ። ከዚያ Copy channel ID የሚለውን ምረጡ። ሰውዬው ስሙን አሥር ጊዜ ቢለውጥ በዚህ ትይዙታላችሁ።

ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጡ፦ ቀን፣ የኮመንቱ ሊንክ፣ የቻናል መለያ፣ ጽሑፉ እንዳለ፣ ሪፖርት የተደረገበት ቀን፣ የተሰጠ መልስ። ጽሑፉን አታርሙት፤ የፊደል ስህተቱም እንዳለ ይቆይ። አንድ ሰው በአራት አካውንት ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው እሱ ነው። ከተቻለ ይህን ሥራ እህት ወይም ጓደኛ ይሥራው። ስድቡን እያነበበ የሚገለብጠው ተሰዳቢው ራሱ ባይሆን ይመረጣል።

ደሙን ማቆም

ማስረጃው ከተያዘ በኋላ በሩን ጠበብ ማድረግ ይቻላል። YouTube Studio ውስጥ Content ግቡ። ጥቃት የደረሰባቸውን ቪዲዮዎች ምረጡ፣ Edit፣ ከዚያ Comments። ከምርጫዎቹ ውስጥ ለዚህ ሰዓት የሚጠቅሙት ሁለት ናቸው።

Pause አዲስ ኮመንት ያቆማል፤ የቆየው ግን እንዳለ ይታያል። Hold all ደግሞ ሁሉንም ይቀበላል፣ እናንተ ካላጸደቃችሁት ግን ሌላ ሰው አያየውም። ሌሊት ከሆነና የሚያነብላችሁ ሰው ከሌለ Pause ይሻላል። የሚያግዝ ሰው ካለ ግን እኔ Hold all እመርጣለሁ። ተሳዳቢው መጻፉን ይቀጥላል፣ እናንተም መመዝገባችሁን ትቀጥላላችሁ፣ ተመልካቹ ግን አንድም አያነብም።

Off የሚለውን አትንኩ። አዲሱን ብቻ ሳይሆን የቆየውን መልካም ኮመንት ጭምር ይሸፍናል። ተሳዳቢዎቹም «ዘጋናት» ብለው ይፎክሩበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። Settings ውስጥ የሚቀየረው ነባሪ ምርጫ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚጫን ቪዲዮ ነው። የድሮዎቹ አይቀየሩም። «Strict የሚባለውን ጥብቅ ማጣሪያ አብርቼ ነበር፣ ምንም አልሠራም» የሚል ሰው ስትሰሙ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። የድሮዎቹን ከላይ እንዳልኩት ከ Content መርጣችሁ ቀይሩ።

ስለ Strict ራሱ ደግሞ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። አውቶማቲክ ማጣሪያው እንግሊዝኛ ላይ ጎበዝ ነው፤ አማርኛ ላይ ይደናቀፋል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ሲገጥመውማ አይጣል ነው። አብሩት፤ ግን ሥራውን ጨርሶ ይሠራልኛል ብላችሁ አትተኙ።

ላይቭ የምትገቡ ከሆነ Slow mode አብሩ፤ አንድ ሰው በመልእክት መሐል የሚጠብቀውን ሰከንድ ይወስናል። ቻቱን ለሰብስክራይበር ብቻ ማድረግም ይቻላል። ሰብስክራይብ ካደረገ ቢያንስ ይህን ያህል ጊዜ የሆነው ብሎ መገደብም አለ። ዛሬ ለስድብ ብሎ የተከፈተ አካውንት በዚህ ይቀራል።

የቃል ዝርዝሩ፦ ዋናው ሥራ እዚህ ነው

Settings ውስጥ ስለ ኮሚዩኒቲ በሚያወራው ክፍል Blocked words የሚባል ሳጥን አለ። እዚያ የተጻፈ ቃል ያለበት ኮመንት ወደ Held for review ይሄዳል። አይጠፋም፤ እስከ 60 ቀን ቆሞ እናንተን ይጠብቃል። ላይቭ ቻት ላይ ግን ልዩነት አለ። መልእክቱ ከነጭራሹ አይወጣም። ይህን ልዩነት ያዙት፤ እመለስበታለሁ።

ዩቲዩብ ከቃሉ ጋር በጣም የሚቀራረበውንም እይዛለሁ ይላል። በአማርኛ ግን በዚህ አትተማመኑ። ቋንቋችን ቃሉን ፊትም ኋላም ይቀጥልበታል፤ የ፣ ለ፣ በ ከፊት ይገባሉ፣ ሽ፣ ዋ፣ ኦች ከኋላ ይከተላሉ። በዚያ ላይ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በዚያም ላይ ግማሹ ሰው በላቲን ነው የሚጽፈው፤ ሁሉም እንደ ጆሮው ነው የሚያሰፍረው።

ስለዚህ አንድ ስድብ አንድ ቃል ሆኖ አይቀርም፤ አንድ ቤተሰብ ይሆናል። የምሳሌያችንን «አህያ» ብንወስድ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ይህን ይመስላል፦

```
አህያ, አሕያ, አኅያ, ዐህያ, አህያዋ, አህዪት,
አህዮች, የአህያ, ያህያ, አህያነሽ, አህያ ነሽ,
ahya, ahiya, ahia, ahyit
```

ቃላቱ መሐል ያለው ኮማ የእንግሊዝኛው መሆኑን አስተውሉ። በአማርኛ ኪቦርድ ስትጽፉ ጣታችሁ ሳታስቡት ወደ ነጠላ ሰረዝ ይሄዳል። ሳጥኑ ግን ቃላቱን የሚለየው በእንግሊዝኛው ኮማ ነው። መለየቱን የምታውቁት እያንዳንዱ ቃል የራሱ ክፈፍ ውስጥ ሲገባ ነው። አሥር ቃል ጽፋችሁ አንድ ረጅም ክፈፍ ብቻ ካያችሁ ፊልተሩ ያንን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው የሚጠብቀው። ማንም ደግሞ እንደዚያ አይጽፍም።

ዝርዝሩን ከአእምሯችሁ አትፈልስፉት። የመዘገባችሁትን ሠንጠረዥ ክፈቱና ከዚያ ቅዱ። ሰው አንድ ቻናል ላይ ሲሰለፍ ቃል ይዋዋሳል። አንዱ የጀመረውን መቶው ይደግመዋል። አሥራ አምስት ያህል ስድብ ከነቤተሰቡ ካስገባችሁ የናዳው ብዙ ክፍል ይቆማል። የፊደል ጨዋታውንም አትርሱ። በቃሉ መሐል ነጥብ ወይም ኮከብ የሚያስገቡ አሉ፤ እነሱን ስታዩ እንዳሉ ቅዱና ጨምሯቸው።

ምን ማስገባት እንደሌለባችሁም ማሰብ ይገባል። አጭር ቃል አደገኛ ነው። የወጥ ቻናል ያላት ሴት «ሥጋ» የሚለውን ብታግድ ሰውዬው በሥጋ የሰደባት ቢሆን እንኳ ከጠያቂዎቿ ግማሹ ይታሰርባታል። የብሔር ስምም እንደዚሁ ነው። ስሙን ብቻ ካገዳችሁት ስለ አካባቢው ምግብ በጨዋ ደንብ የሚጠይቀውንም ታግዳላችሁ። የሚታገደው ስሙ ከስድቡ ጋር ሲጣመር ነው፤ ሐረጉን እንዳለ አስገቡ። ለስድብነት ብቻ የወጣ መጠሪያ ከሆነ ደግሞ ብቻውን ይግባ።

የግል መረጃችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። ስልክ ቁጥራችሁ በዜሮ ሲጀምር፣ በአገር ኮድ ሲጀምር፣ በክፍተት ተከፋፍሎ ሲጻፍ፤ ሦስቱንም አስገቡ። የሰፈራችሁን ስም፣ የልጅ ስም፣ የትምህርት ቤቱን ስም በአማርኛም በላቲንም ጨምሩ። ያኔ አንድ ሰው አድራሻችሁን ቢለጥፍ ሌላው ሳያየው እናንተ ታዩታላችሁ። ግን ይህን ዝርዝር ከፍ ያለ ሥልጣን የሰጣችሁት ሞዴሬተር ሊያየው እንደሚችል አትዘንጉ።

የዛቻ ቃላት ላይ ደግሞ አሁን ወደ ላይቭ ልዩነት ልመለስ። «እገድልሻለሁ»፣ «ትሞቻለሽ»፣ «እመጣልሻለሁ» የሚሉትን ብታስገቡ ከቪዲዮ ሥር ሲጻፉ ለብቻ ተለይተው ይጠብቋችኋል፤ ይህ ጥሩ ነው። ላይቭ ላይ ግን መልእክቱ ስለማይወጣ ማን እንደዛተባችሁ ሳታውቁ ታልፋላችሁ። እኔ ብሆን ከላይቭ በፊት የዛቻ ቃላቱን ለጊዜው አውጥቼ ሁለት ሞዴሬተር አስቀምጥ ነበር።

ሲያልቅ ሞክሩት። የራሳችሁ ኮመንት ግን በፊልተር አይያዝም። የሞዴሬተርና Approved users በሚባለው የታመኑ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባችሁት ሰውም እንዲሁ። «ሞከርኩት፣ አይሠራም» የሚሉ ሰዎች የሚሞክሩት በራሳቸው አካውንት ነው። ሞዴሬተር ያልሆነ የጓደኛ አካውንት ተጠቀሙ። ከዝርዝሩ አምስት ቃል አስጽፉና Held for review ውስጥ እንደገቡ እዩ።

ቲክቶክ ላይ ተመሳሳዩ Privacy ውስጥ Comments ሥር ይገኛል። ፌስቡክ ፔጅም የራሱ የቃል ዝርዝር አለው። አንድ ጊዜ የሠራችሁትን ዝርዝር በማስታወሻ አስቀምጣችሁ ለሁሉም መገልበጥ ትችላላችሁ።

ሰውየውን መደበቅ

ዩቲዩብ ላይ ማገድ የሚባለው በተግባር Hide user from channel ነው። ከኮመንቱ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኩ ታገኙታላችሁ። ይህ መሣሪያ ብልህ ነው። ሰውዬው እንደታገደ አይነገረውም። መጻፉን ይቀጥላል፤ የሚያነበው ግን የለም። ሁለተኛ አካውንት የሚያስከፍት ቁጣም አይነሳም።

ሊያደርግ የማይችለውንም እወቁ። የተደበቀ ሰው ቪዲዮዎቻችሁን ማየቱን፣ ሊንኩን ለሌላው መላኩን፣ በራሱ ቻናል ስለ እናንተ ማውራቱን አያቆምም። የቆዩ ኮመንቶቹም በአንድ ደቂቃ ላይጠፉ ይችላሉ፤ ጥቂት ታገሡ። መልስ የተሰጠበትን ኮመንት በእጃችሁ ስታጠፉ ደግሞ ከሥሩ ያለው ምልልስ አብሮ ይሄዳል። ደጋፊዎቻችሁ የጻፉት መልስም ይጠፋል።

ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ብሎክ ሌላ ነው። ሰውዬው ገጻችሁን ሲፈልግ ያጣዋል፤ ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ እዚያ ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ማስረጃው መያዙን ደግማችሁ አረጋግጡ። ኢንስታግራም ላይ ግን Restrict የሚባል አለ፤ እንደ ዩቲዩቡ ድምፅ ሳያሰማ ይሠራል። ቲክቶክ ላይ እስከ 100 ኮመንት በአንድ ጊዜ መርጦ መሰረዝ ወይም ሪፖርት ማድረግ ይቻላል። ናዳ ሲሆን ይህ እጅ ያሳርፋል።

ሞዴሬተር ስትሾሙ ዩቲዩብ ሁለት ደረጃ ይሰጣል። Standard የሚባለው ኮመንት ያነሳል፣ ይይዛል። Managing የሚባለው ሰውም ይደብቃል፣ የታገዱ ቃላትንም ይጨምራል። ሁለተኛውን የምትሰጡት የቤታችሁን ቁልፍ ሰጥታችሁት ለምትሄዱት ሰው ብቻ ይሁን። «አድናቂሽ ነኝ፣ ልርዳሽ» ብሎ በናዳው መሐል ብቅ ያለ ሰው ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ሪፖርቱ

ከኮመንቱ ጎን ካሉት ነጥቦች Report ስትነኩ ምድቦች ይመጣሉ። ውጤቱን በአብዛኛው የሚወስነው እዚህ የምትመርጡት ነው። «አንቺ አህያ» የሚለውን ለብቻው ሪፖርት ብታደርጉት ላይወርድ ይችላል። ዩቲዩብ ተራ ስድብን ሁሉ አይከለክልም። የሚከለክለው ሌላ ነው፦ ዛቻ፣ የግል መረጃ ማውጣት፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በአካል ጉዳት ላይ የተመሠረተ ጥላቻ፣ ሰውን በማንነቱ ደጋግሞ ማዋረድ።

የዘር ስድቡን የጥላቻ ንግግር በሚለው ምድብ ሪፖርት አድርጉት። «ልጅሽ የት እንደሚማር አውቃለሁ» የሚለውን ትንኮሳና ማስፈራራትን በሚይዘው። ስፓም በሚል ማስገባት ፈጣን ይመስላል፤ ግን ገምጋሚው ስፓም ፈልጎ ያጣና ያልፈዋል።

ብዙ ሰው አድናቂዎቹን «ሪፖርት አድርጉልኝ» ብሎ ያሰልፋል። ዩቲዩብ በተደጋጋሚ የሚለው ሪፖርት ስለበዛ ብቻ አንድ ነገር አይወርድም ነው። በትክክለኛ ምድብ የገባ አንድ ሪፖርት በተሳሳተ ምድብ ከገባ መቶ ይሻላል። ይሄ በሌላ በኩል መጽናኛ ነው። «በሪፖርት እናስዘጋሻለን» የሚለው ፉከራም ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ቪዲዮ ከወረደባችሁ ግን ይግባኝ የማለት መብት አላችሁ።

አማርኛው ሌላ ፈተና አለው። ገምጋሚው ቋንቋውን ቢያውቅ እንኳ ነገሩ የተነገረበትን ዐውድ ላያውቅ ይችላል። ኮመንት ሪፖርት ሲደረግ ማብራሪያ መጻፊያ አይሰጥም። አንድ ሰው በየቪዲዮው ሥር እየዞረ ከተሳደበ ግን ቻናሉን ራሱን ሪፖርት ማድረግ ትችላላችሁ፤ ማብራሪያ መጻፊያ ሲገጥማችሁ ሠንጠረዡ ይጠቅማል። በእንግሊዝኛ አጭር አድርጋችሁ ጻፉ፦ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ በየትኛው ብሔር ላይ የወጣ ስድብ እንደሆነ፣ በስንት ቪዲዮ ሥር እንደደገመው፣ ሊንኮቹ። ምሬት አይግባበት። ገምጋሚው የሚፈልገው ከደንቡ ጋር የሚገጥም ነጥብ ነው።

በምሳሌያችን ናዳውን የጀመረው ቪዲዮ ነበር። ቪዲዮ ሪፖርት ሲደረግ ጥሰቱ የሚገኝበትን ደቂቃ ጥቀሱ። የሃምሳ ደቂቃ ወሬ ውስጥ ማንም አይፈልግላችሁም። የቪዲዮ ሪፖርታችሁ የት እንደደረሰ እዚህ ታያላችሁ፦

```
https://www.youtube.com/reporthistory
```

ቪዲዮው ላይ አድራሻችሁ ወይም የልጃችሁ ፎቶ ካለ የፕራይቬሲ አቤቱታ የተለየ መንገድ ነው። ዩቲዩብ ብዙ ጊዜ ለቪዲዮው ባለቤት 48 ሰዓት ሰጥቶ ራሱ እንዲያነሳው ዕድል ይሰጠዋል፤ ከዚያ ይመለከተዋል።

ሰዎች «ቪዲዮዬን ቆርጦ ተጠቅሟል፣ ኮፒራይት ምቺው» ብለው ይመክራሉ። ቶሎ ይሠራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን በኮፒራይት ስትጠይቁ ሕጋዊ ስማችሁ ለዚያ ሰው ሊደርሰው ይችላል። በብዕር ስም ለምትሠራ ሴት ይህ ለአሳዳጇ ስሟን በእጇ ማስረከብ ነው። አስባችሁበት ግቡ።

ከዩቲዩብ ውጭ የሚወጣው

አራተኛው ኮመንት ኩባንያው ቢያወርደውም አያበቃም። ሰውዬው የልጁን ትምህርት ቤት የሚያውቅ ከሆነ ኮመንቱ ስለጠፋ አይረሳውም። በዚያው ቀን ለትምህርት ቤቱ መንገርና ፖሊስ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ፍጥነቱ ምክንያት አለው። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ኩባንያው የአካውንቱን መረጃ ለ90 ቀን እንዲያቆይ መጠየቅ ይችላል። አካውንቱ ተሰርዞ መረጃው ከጠፋ በኋላ ግን የሚቆይ ነገር የለም። ለዚህ ነው የ UC መለያው የሚፈለገው፤ በ @ የሚጀምረው ስም ብቻውን ሊቀየር ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13ን ጠቅሶ ማመልከት ይችላል። በኮምፒውተር ማስፈራራትንና ደጋግሞ መልእክት በመላክ ፍርሃት መፍጠርን ይይዛል። የዘር ጥላቻ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ማመልከቻው ላይ ሠንጠረዡን አትሙና አያይዙ፤ ሊንኮቹም ሙሉ ሆነው ይታተሙ።

ገልፍ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢምሬትስ ውስጥ በኢንተርኔት ሰው መሳደብ ራሱ ወንጀል ነው። ሰደበኝ ብላችሁ የመለሳችሁት ስድብ እናንተኑ ሊያስከስስ ይችላል። መልስ አትስጡ ያልኩት ለጨዋነት ብቻ አይደለም።

ሲበርድ

ናዳው ሲቀንስ Hold all ያደረጋችኋቸውን ቪዲዮዎች በአንድ ቀን አትክፈቱ። የቆዩትን መጀመሪያ፣ ጥቃቱ የተነሳበትን መጨረሻ። Held for review ውስጥ ያሉትን 60 ቀኑ ሳያልፍ ጨርሱ። ከእነሱ መሐል በስህተት የተያዘ ጨዋ ሰው ስታገኙ ኮመንቱን አጽድቁና Approved users ውስጥ አስገቡት፤ ከዚያ ወዲህ ፊልተሩ አይነካውም። አንድ ቃል ከሚይዘው ተሳዳቢ ይልቅ ጨዋ ሰው እየበዛበት ከሄደ ከዝርዝሩ አውጡት፤ ወይም ወደ ሐረግ ቀይሩት። የስልክ ቁጥሩና የልጅ ስም ግን እዚያው ይቆይ።